ውሃ ከጉድጓድ ወደ ሮቶ ለማውጣት ስንት ዋት ያስፈልጋል?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ፓምፕ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው?» የሚለው ነው። «አርባ» ሲል ባለሱቁ ከመደርደሪያው አንዱን አውርዶ ይሰጠዋል። የጉድጓዱ ጥልቀት ግን የፓምፑን ጉልበት አይወስንም። ጉልበቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ውሃው ወርዶ የሚቆምበት ደረጃ፣ በሰከንድ የሚፈለገው ሊትር፣ እና ከመስመር ከሚመጣው ኤሌክትሪክ ውስጥ ውሃውን በማንሳት ላይ የሚውለው ድርሻ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በትናንሽ ፓምፖች ላይ ይህ ድርሻ ከሲሶ ብዙም አይበልጥም፤ ሁለቱ ሲሶ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን ሳያስብ የገዛ ሰው ወይ ውሃ የማያደርስ ፓምፕ፣ ወይ ጉድጓዱን የሚያደርቅ ፓምፕ ይዞ ይመለሳል።

ከፍታው ከየት እስከ የት ይለካል?

ለምሳሌ ከጫጫ አለፍ ብሎ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለ አንድ ግቢ እንውሰድ። ጉድጓዱ 40 ሜትር ተቆፍሯል። ፓምፑ ሳይሠራ ውሃው የሚረጋው ከመሬት 14 ሜትር ወረድ ብሎ ነው። ፓምፑ በሰከንድ 1 ሊትር እያወጣ ለጥቂት ሰዓት ሲሠራ ደግሞ ውሃው እስከ 22 ሜትር ይወርድና እዚያ ይቆማል። ፓምፑ ራሱ የተንጠለጠለው 30 ሜትር ላይ ነው። ሮቶው ከጉድጓዱ 50 ሜትር ይርቃል፤ ያለበት መሬትም ከጉድጓዱ አፍ 3 ሜትር ከፍ ይላል። የተቀመጠው 4 ሜትር ቁመት ባለው የብረት ማማ ላይ ሲሆን፣ ውሃ የሚገባበት አፍ ከማማው ወለል 2 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል።

ከእነዚህ ቁጥሮች 40 ሜትሩ ለጉልበት ስሌት አይገባም። 30 ሜትሩም እንዲሁ፤ የሚያገለግለው ኋላ የቱቦውን ርዝመት ለማወቅ ነው። ፓምፑ 30 ሜትር ላይ ቢንጠለጠልም ከበላዩ 8 ሜትር ውሃ አለ። ያ ውሃ በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ ስለሚገፋ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከውጭው ውሃ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ፓምፑ የማንሳት ሥራ የለበትም። ድካሙ የሚጀምረው ከውሃው ወለል በላይ ነው። ስለዚህ ፓምፑን 5 ሜትር ዝቅ ማድረግ የሚጨምረው የ5 ሜትር ቱቦ ሰበቃ ብቻ ነው፤ ያም ጥቂት ነው።

14 ሜትሩም ያሳስታል። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ይህንን ቁጥር ነው፤ ፓምፑ ግን ሥራውን የሚሠራው ከ22 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ድምር 22 ሲደመር 3፣ ሲደመር 4፣ ሲደመር 2 ነው፤ 31 ሜትር ይሆናል።

የሚወርድበትን ደረጃ ለማወቅ ፓምፑ እየሠራ መለካት ያስፈልጋል። ክብደት የታሰረበት ሲባጎ ወደ ጉድጓዱ እንዲሁ መልቀቅ ግን አደጋ አለው፤ ከኤሌክትሪክ ገመዱና ከቱቦው ጋር ይጠላለፋል። ፓምፑ ሲገባ ከዋናው ቱቦ ጋር አብሮ የታሰረ ግማሽ ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ ታቹ ክፍት ሆኖ እስከ ፓምፑ አጠገብ ቢወርድ፣ ከዚያ በኋላ መለኪያው በእሱ ውስጥ ሳይጠላለፍ ይወርዳል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ኋላ ላይ ለማስገባት ግን ፓምፑን በሙሉ ማውጣት ይጠይቃል።

ውሃው ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወሰነው በሚቀዳው መጠን ነው። በሰከንድ 1 ሊትር ሲቀዳ 8 ሜትር የወረደ ውሃ 2 ሊትር ሲቀዳ ቢያንስ 16 ሜትር ሊወርድ ይችላል። 14 ላይ 16 ሲጨመር 30 ነው፤ ፓምፑ የተንጠለጠለበት ቦታ ማለት ነው። ያኔ ፓምፑ ውሃና አየር ቀላቅሎ ይስባል፤ በውሃ የሚቀዘቅዘው ሞተርም ይግላል። «ትልቅ ከሆነ ይበልጥ ይሰጣል» የሚለው አስተሳሰብ ጉድጓድ ላይ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ቱቦው የሚጨምረው ከፍታ

ውሃው በቱቦ ውስጥ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል። ይህ ሰበቃ ፓምፑን የሚያደክመው ውሃውን ተጨማሪ ሜትሮች ከፍ እንደማድረግ ስለሆነ፣ ስሌቱ ውስጥ የሚገባውም በሜትር ነው።

በምሳሌያችን ቱቦው ከፓምፑ እስከ መሬት 30 ሜትር፣ እስከ ማማው 50 ሜትር፣ እስከ ሮቶው አፍ 6 ሜትር፣ በድምሩ 86 ሜትር ነው። በሰከንድ 1 ሊትር የውስጥ ስፋቱ 26 ሚሊ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ሲያልፍ በየ100 ሜትሩ ወደ 14.5 ሜትር ይጠፋል። የውስጥ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር በሆነው ግን የሚጠፋው 3.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ86 ሜትር ሲሰላ የመጀመሪያው 12.5 ሜትር፣ ሁለተኛው 2.9 ሜትር ይሆናል። ለመታጠፊያዎችና ለቫልቮች አንድ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ተኩል እንጨምር። በሰፊው ቱቦ ጠቅላላው ከፍታ 35 ሜትር፣ በጠባቡ 45 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጉድጓዱም ሮቶውም እዚያው ናቸው፤ 10 ሜትር የጨመረው ቱቦው ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ቱቦ ሲሸጥ የሚነገረው ቁጥር የውጭ ስፋት መሆኑን ነው። የውጭ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ግድግዳው ሲወፍር ውስጡ ወደ 26 ይጠባል። ስለዚህ የውስጡን በሜትር ወይም በካሊፐር መለካት ያስፈልጋል።

ጉልበቱን ማስላት

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ኪሎን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 9.8 ዋት ይፈልጋል። ስሌቱ ሁሉ ከዚህ ይነሳል፦

ዋት = 9.8 × ሊትር በሰከንድ × ጠቅላላ ሜትር

በሰፊው ቱቦ 9.8 × 1 × 35 = 343 ዋት ይሆናል። ይህ ውሃው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቆሞ «ግማሽ የፈረስ ጉልበት 370 ዋት ነው፤ ይበቃል» ብሎ መግዛት በጣም የተለመደው ስህተት ነው።

ከመስመሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ውሃው ላይ እስኪደርስ ሁለት ቦታ ላይ ይቀነሳል። የመጀመሪያው ሞተሩ ነው። በአንድ ፌዝ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ውስጥ ወደ ማዞሪያ ጉልበት የሚለውጠው ከመቶ 60 እስከ 70 ያህሉን ነው፤ የቀረው በመዳብ ጥቅሉና በብረቱ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ሁለተኛው ፓምፑ ራሱ ነው። ኢምፔለር የሚባሉት ተሽከርካሪ ክፍሎች ውሃውን ሲወረውሩት ከፊሉ በጠባቡ ክፍተት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከፊሉ ጉልበት ደግሞ በመሽከርከርና በመፋተግ ያልቃል። ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፓምፕ ደህና ቦታው ላይ ሲሠራ ከመቶ 45 እስከ 60 ያህል ብቃት አለው።

ፓምፑን 50፣ ሞተሩን 65 ከመቶ ብለን እንያዝ። 343 ለ0.50 ሲካፈል 686 ዋት ይመጣል። ሞተሩ ለፓምፑ መስጠት ያለበት ይህንን ነው፤ ፓምፕም የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት 370 ዋት፣ ሦስት ሩቡ 550 ዋት ስለሆነ ሁለቱም አይበቁም። 750 ዋት የሆነው ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ይበቃል፤ ትንሽ መጠባበቂያም ይተርፈዋል። 686 ለ0.65 ሲካፈል ደግሞ 1,055 ዋት ይመጣል፤ ከመስመሩ የሚወሰደውና ቆጣሪው የሚቆጥረው ይህ ነው። የሁለቱ ብቃቶች ብዜት 0.325 ነው፤ ከሲሶ ትንሽ ያንሳል።

በጠባቡ ቱቦ ስሌቱን ብንደግመው ውሃው ላይ የሚደርሰው 441 ዋት፣ ሞተሩ የሚሰጠው 882 ዋት፣ ከመስመር የሚወሰደው ወደ 1,360 ዋት ይሆናል። ባለ 1 የፈረስ ጉልበቱ ስለማይበቃ ወደ 1.5 መሄድ ግድ ይሆናል። ለተመሳሳይ ውሃ በየሰዓቱ 300 ዋት ሰዓት ተጨማሪ ይከፈላል፤ ቱቦው እስካለ ድረስ ማለት ነው። የሰፊው ቱቦ ዋጋ ልዩነት ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነው።

ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ስናነብም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። P1 ከመስመር የሚወሰደው ጉልበት ነው፤ P2 ደግሞ ሞተሩ ለፓምፑ የሚሰጠው። 686 ዋታችን የሚወዳደረው ከ P2 ጋር ነው። አንዳንድ ሻጮች ትልቁን ቁጥር ስለሚጠሩ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

Hmax እና Qmax አንድ ላይ አይመጡም

ፓምፑ ላይ «Hmax 60 ሜትር፣ Qmax 90 ሊትር በደቂቃ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ብዙ ሰው 90 ሊትሩን 60 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ይመስለዋል። Hmax ማለት ቱቦው ተዘግቶ ምንም ውሃ ሳይፈስ ፓምፑ የሚገፋበት ከፍታ ነው። Qmax ደግሞ ምንም ከፍታ ሳይኖር የሚፈሰው ውሃ ነው። በሁለቱም ጫፍ ላይ ብቃቱ ዜሮ ነው፤ በአንደኛው ውሃ የለም፣ በሌላው ከፍታ የለም። 50 ከመቶ ያልነው ብቃት የሚገኘው በመካከል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከትልቁ ፍሰት ግማሽና ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ነው።

ስለዚህ ከፓምፑ ጋር የሚመጣውን ሠንጠረዥ መጠየቅ ግዴታ ነው። በሠንጠረዡ ላይ 35 ሜትር ሲሆን በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ይታያል። የምንፈልገው በደቂቃ 60 ሊትር፣ ማለትም በሰከንድ 1 ሊትር ነው። Hmax 120 ሜትር የሆነ ፓምፕ 35 ሜትር ላይ ቢገባ ከታሰበው በላይ ያፈሳል፤ ከደህናው ቦታው ስለሚወጣ ብቃቱ ይወርዳል፣ ጉድጓዱንም ያወርዳል። Hmax 38 ሜትር የሆነውም በተራው 35 ላይ የሚሰጠው ጠብታ ያህል ነው፤ ኤሌክትሪክ መብላቱን ግን አያቆምም።

የደጋው አየር

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ይህ ውሃ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ጉልበት አይለውጠውም፤ አንድ ሊትር 35 ሜትር ለማውጣት እዚያም ሸዋ ሮቢትም የሚያስፈልገው እኩል ነው። ልዩነት የሚመጣው ከጉድጓዱ ውጭ ተቀምጦ ውሃ በሚስብ ፓምፕ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ፓምፕ ውሃውን በራሱ ጎትቶ አያወጣም። በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ይቀንስና የውጭው አየር ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በባሕር ወለል አየሩ 10.3 ሜትር ውሃ መደገፍ ይችላል። 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ሸዋ ሮቢት ይህ ወደ 8.8 ሜትር ይወርዳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 7.3 ሜትር። ከዚህ ላይ ፓምፑ ራሱ ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ማነስ እንዳይፈላበት የሚፈልገው 2 ወይም 3 ሜትር ሲቀነስ፣ የመሳቢያው ቱቦ ሰበቃም ሲቀነስ፣ በተግባር የሚቀረው ከ4 እስከ 4.5 ሜትር ነው። ሳጥኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው ከ4.5 ሜትር በታች ሲወርድ ፓምፑ ጠጠር እንደጎረሰ ይንኳኳል፣ ውሃው ይቆራረጣል፣ የኢምፔለሩም ፊት እየተቦረቦረ ይሄዳል። የሞተሩን ጉልበት መጨመር ይህንን አያስተካክልም። ውሃው ከ4 ሜትር በታች ከሆነ ደጋው ላይ መፍትሔው ውሃ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ነው።

ጄኔሬተርም በደጋው አየር ይዳከማል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። የእኛ ፓምፕ ሲሠራ 1.1 ኪሎዋት ቢወስድም ሲነሳ ለአፍታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ስለዚህ 1.5 ኪሎዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር ፓምፑን ላያስነሳው ይችላል፤ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ መያዝ ይሻላል።

የራስዎን ፓምፕ ብቃት በቆጣሪ መለካት

የተገጠመ ፓምፕ ደህና መሆኑን ለማወቅ በርሜል፣ ሰዓትና ቆጣሪ ይበቃሉ። በቤቱ ያለውን ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ያጥፉ። ፓምፑ ሠርቶ ውሃው ደረጃውን ከያዘ በኋላ የቆጣሪውን ንባብ ይጻፉ፤ ልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ያንብቡ። በመካከሉ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ እዚያው ከፍታ ላይ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይቀበሉና የሚሞላበትን ጊዜ ይለኩ። ማማው በርሜሉን መሸከም ካልቻለ፣ የሮቶው መውጫ ተዘግቶ በውስጡ ያለው ውሃ በሰዓቱ ምን ያህል እንደጨመረ መለካት ይቻላል። ከመሬት ላይ መቀበል ግን ከፍታውን ስለሚቀንስ ልኬቱን ያበላሻል።

አንድ ሺህ ሊትር አንድ ሜትር ለማንሳት 2.72 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ፦

ብቃት = (ሜትር ኩብ × ሜትር × 2.72) ÷ ዋት ሰዓት

ደህና በሆነው ፓምፓችን በርሜሉ በ200 ሰከንድ ይሞላል፤ በሰዓት 3.6 ሜትር ኩብ ማለት ነው። 3.6 × 35 × 2.72 = 343፤ ለ1,055 ሲካፈል 0.325። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቆጣሪው አሁንም 1,100 ዋት ሰዓት ያህል እያሳየ በርሜሉ ግን በ333 ሰከንድ ቢሞላ፣ ፍሰቱ በሰዓት ወደ 2.16 ሜትር ኩብ ወርዷል። ፍሰቱ ሲቀንስ ውሃው ያን ያህል አይወርድም፣ ሰበቃውም ያንሳል፤ ስለዚህ ጠቅላላው ከፍታ ወደ 30 ሜትር ይመጣል። 2.16 × 30 × 2.72 = 176፤ ለ1,100 ሲካፈል 0.16። ግማሹ ብቃት ጠፍቷል፤ ክፍያው ግን እንዳለ ነው።

ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቱቦ ያፈሳል፣ ወይም አሸዋ ኢምፔለሮቹን በልቷቸው ክፍተቱ ሰፍቷል። ለመለየት ፓምፑ እየሠራ በጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ይጠቅማል፤ ከውሃው ወለል በላይ ያፈሰሰ ቱቦ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ካልተሰማ ቀጣዩ የግፊት መለኪያ ነው። መለኪያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ከቫልቩ በፊት ይገጠማል፤ ፓምፑ እየሠራ ቫልቩ በዝግታ ይዘጋል። ከግማሽ ደቂቃ በላይ ተዘግቶ መቆየት የለበትም፤ ውስጡ ያለው ውሃ ይሞቃል። አንድ ባር 10.2 ሜትር ነው። የፓምፑ Hmax 60 ሜትር ሆኖ ውሃው 14 ሜትር ላይ ከሆነ መለኪያው 4.5 ባር አካባቢ ማሳየት አለበት። 3 ባር ካሳየ ፓምፑ የሚገፋው 45 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ወይ አልቋል፣ ወይ ከውሃው በታች ያለው ቱቦ ተከፍቷል፤ በሁለቱም መውጣት አለበት። 4.5 ባር እያሳየ ፍሰቱ ካነሰ ግን ፓምፑ ደህና ነው፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመለኪያው በኋላ ነውና የተጣበቀ ቫልቭ ወይም የተደፈነ ቱቦ ይፈለጋል።

ይህን ልኬት ከማመን በፊት ቮልቴጁን ፓምፑ እየሠራ ማየት ያስፈልጋል። 220 መሆን ያለበት 180 ከሆነ ሞተሩ ይዳከማል፣ የሚስበው አምፔር ይጨምራል፣ ግፊቱም ያንሳል፤ ደህናውን ፓምፕ ያለቀ ያስመስለዋል። ቀጭን ገመድም ይህንኑ ያደርጋል። ከቤቱ እስከ ፓምፑ 80 ሜትር በሆነ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 5.5 አምፔር ሲያልፍ 10 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በ2.5 ከተተካ የሚቀረው ወደ 6 ቮልት ይወርዳል። መለኪያው ቤት ውስጥ ሳይሆን ጉድጓዱ አፍ ላይ ባለው መገናኛ ሳጥን ቢያዝ ሁለቱም ችግሮች አንድ ላይ ይታያሉ፤ ሳጥኑን የሚከፍተው ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን።